ምዕራፍ ሰባት፦ ሁለት ጊዜ የሚያበቃው ውል፤ የስርጭት ወኪልነት ማቋረጫ ደብዳቤ፣ ቀሪው ዕቃና የደንበኞች ሒሳብ

የስርጭት ወኪልነት ውል አንድ አምራች ወይም አስመጪ ምርቱን በተወሰነ አካባቢ እንዲያከፋፍልለት ለአንድ ነጋዴ ሥልጣን የሚሰጥበት፣ ነጋዴውም ለድካሙ ኮሚሽን ወይም የዋጋ ልዩነት የሚያገኝበት ስምምነት ነው። ሥልጣን ሰጪው ወካይ፣ ሥልጣን ተቀባዩ ደግሞ ወኪል ይባላል። እንዲህ ያለው ውል ሲቋረጥ ሁለት ነገሮች በሁለት የተለያዩ ቀናት ያበቃሉ። የመሸጥ ሥልጣን በአንድ የታወቀ ቀን፣ በሥራ መዝጊያ ሰዓት ይቆማል፤ ሒሳቡ ግን በመጋዘን የቀረው ዕቃ ተቆጥሮ እስኪመለስና ሱቆች በዱቤ የወሰዱት ዕቃ ገንዘብ እስኪሰበሰብ ድረስ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ክፍት ሆኖ ይቆያል። የማቋረጫ ደብዳቤዎች የመጀመሪያውን ቀን በደማቅ ጽፈው ሁለተኛውን ሲዘነጉ ይታያል፤ በወካይና በወኪል መካከል ፍርድ ቤት የሚደርሰው ክርክርም የሚበቅለው በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ባለው፣ ማንም ባልጻፈለት ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ደብዳቤውን የሚመለከተው እንደ ስንብት ወረቀት ሳይሆን ያንን መካከለኛ ጊዜ እንደሚያስተዳድር ሰነድ ነው።

ደብዳቤው የሚጠቀምበት ግስ ራሱ ውጤት አለው። «ውሉን ሰርዘናል» የሚለውና «ውሉን አቋርጠናል» የሚለው በዕለት ተዕለት ንግግር አንድ ቢመስሉም፣ በኢትዮጵያ የውል ሕግ መሰረዝ አንዱ ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር የሚወሰድ እርምጃ ሲሆን፣ ውጤቱም በተቻለ መጠን ተዋዋዮችን ውሉ ከመደረጉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ መመለስ ነው፤ ይህንንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1815 ደንግጎታል። ማቋረጥ ግን የኋላውን ሳይነካ የወደፊቱን ብቻ ይዘጋል፤ እስከዚያ ቀን የተሸጠው እንደተሸጠ፣ የተከፈለው ኮሚሽንም እንደተከፈለ ይቀራል። ለሦስት ዓመት ዕቃ ሲያከፋፍል የኖረን ወኪል በሰላም ለማሰናበት የሚፈልግ አምራች «ተሰርዟል» ብሎ ሲጽፍ፣ ሳያውቀው ወኪሉን በጥፋተኝነት መክሰሱ ነው፤ ወኪሉ ክሱን ካስተባበለ ደግሞ የማስረዳቱ ሸክም በአምራቹ ላይ ይወድቃል።

ውሉ የጊዜ ገደብ ካልተቀመጠለት ማንኛውም ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል። የማስጠንቀቂያው ርዝመት በውሉ ከተጻፈ እርሱ ይጸናል፤ ካልተጻፈ ከልማድና ከሥራው ጠባይ ጋር የሚመጣጠን በቂ ጊዜ መሆን አለበት። በቂ የሚባለውን ለመገመት የሚያግዝ አንድ የውጭ መለኪያ አለ፤ የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1986 እ.ኤ.አ. ስለ ንግድ ወኪሎች ባወጣው መመሪያ፣ ዝቅተኛው ማስጠንቀቂያ በውሉ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ወር፣ በሁለተኛው ሁለት ወር፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሦስት ወር ነው። ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ነጋዴ ላይ አስገዳጅነት የለውም፤ ሆኖም ጊዜው ከውሉ ዕድሜ ጋር እንዲያድግ ያደረገበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ለብዙ ዓመታት የሠራ ወኪል መጋዘን ተከራይቷል፣ ሾፌርና ሽያጭ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ ለሱቆችም ዱቤ ዘርግቷል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት መሰብሰብ አይችልም።

ዕቃውን የሚመለከተው የደብዳቤው ክፍል ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ በመጋዘን ያለው ዕቃ የማን ነው? በገበያ «ወኪል» እየተባሉ የሚጠሩት ነጋዴዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የወካዩን ዕቃ በአደራ ተረክቦ የሚሸጥና ከሽያጩ ኮሚሽን የሚቆረጥለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ የወካዩ ንብረት ነው፣ ውሉ ሲቋረጥም መመለስ ግዴታ ስለሆነ ስለ ዋጋ ድርድር የለም። ሁለተኛው ዕቃውን በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ስም ደረሰኝ ገዝቶ በትርፍ የሚሸጥ ነው፤ ይህ በትክክለኛ ስሙ አከፋፋይ ሲሆን፣ ቀሪው ዕቃ የእርሱ ነውና በውሉ ላይ መልሶ የመግዛት ግዴታ ካልተጻፈ በስተቀር አምራቹ ሊቀበለው አይገደድም፣ እርሱም ሊመልሰው አይገደድም። የውሉ ርዕስ «ወኪልነት» ስላለ ብቻ ዕቃው የወካዩ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የሚወስነው ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የተቆረጠው ሰነድ የሽያጭ ደረሰኝ ነው ወይስ የአደራ ማስረከቢያ የሚለው ነው።

አከፋፋዩ ዕቃውን ገዝቶት ከሆነ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የማሟጠጫ ጊዜ ነው፤ ይኸውም አዲስ ዕቃ ሳይረከብ በእጁ ያለውን ብቻ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሸጥ መፍቀድ ማለት ነው። ሁለተኛው አምራቹ መልሶ እንዲገዛ ማድረግ ነው። ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ገበያ ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም፤ ከአራት ወር በፊት በ900 ብር የገዛው ካርቶን ዛሬ ከፋብሪካ በ1,050 ብር የሚወጣ ከሆነ፣ አከፋፋዩ በቀድሞው ዋጋ መልስ ሲባል የተበደለ ይመስለዋል፣ አምራቹም በዛሬው ዋጋ ግዛ ሲባል የራሱን ዕቃ በትርፍ እንደገዛ ይቆጥረዋል። ለሁለቱም የሚቀርበው ፍትሐዊ መፍትሔ ማሟጠጫውን አስቀድሞ መፍቀድና፣ ጊዜው ካለቀ በኋላ የተረፈውን ብቻ በተገዛበት ደረሰኝ ዋጋ፣ የተሰጠው ቅናሽ ተቀንሶ መልሶ መግዛት ነው፤ በዚህ መንገድ የዋጋውን ጭማሪ መጠቀም የፈለገ አከፋፋይ በማሟጠጫው ጊዜ ይሸጣል፣ መሸጥ ያልቻለም ዋናውን ገንዘብ አያጣም። ማሟጠጫ ሲፈቀድ ግን ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋን በሚመለከት በዋናው ውል ከተጻፈው ውጪ አዲስ ትእዛዝ በደብዳቤው ላይ መጨመር አይገባም፤ የተሻለው መከላከያ ጊዜውን አጭር ማድረግና አዲሱ አከፋፋይ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ከማሟጠጫው ማብቂያ በኋላ ማድረግ ነው።

መልሶ መግዛቱ የታክስ ጎንም አለው። ዕቃው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ፣ 900 ብር የሚያወጣው ካርቶን ሲሸጥ 15 በመቶ ታክስ ተጨምሮበት 1,035 ብር ተከፍሎበታል። ዕቃው ሲመለስ ያንን ሽያጭ የሚያርም የተመላሽ ሰነድ፣ በሒሳብ ሠራተኞች አጠራር ክሬዲት ኖት፣ ካልተቆረጠ አምራቹ ባልጸና ሽያጭ ላይ ታክስ እንደከፈለ ይቀራል፣ አከፋፋዩም የተመለሰ ዕቃ ታክስ ተቀናሽ አድርጎ እንደያዘ ይቆጠራል። ደብዳቤው «ዕቃው ይመለሳል» ሲል «በየደረሰኙ ቁጥር የተመላሽ ሰነድ ይቆረጥለታል» ብሎ ማከል ያለበት ለዚህ ነው።

ዕቃው በአደራ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የደብዳቤው ዋና ሥራ ቆጠራውን ማዘዝ ነው። የቆጠራው ቀን ከመሸጫው ሥልጣን ማብቂያ ማግስት ጠዋት መሆን አለበት፤ በመካከል አንድ የሥራ ቀን ከገባ፣ በዚያ ቀን ከመጋዘን የወጣ ዕቃ በየትኛው ወገን እንደሚመዘገብ አይታወቅም። ከቆጠራው በፊት የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ከቆጠራው ራሱ ይበልጣል፤ የመጨረሻው የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርና የመጨረሻው የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ቁጥር በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፋሉ፣ በየመደርደሪያው ያለው የስቶክ ካርድ ከመጨረሻው መስመር ሥር ተሰምሮ በሁለቱም ወገን ይፈረምበታል፣ ከፋብሪካ ወጥቶ በመንገድ ላይ ያለ ጭነት ካለም ለብቻው ይመዘገባል። ያልተቆረጡ የደረሰኝ ጥራዞች ደግሞ በቁጥር ተቆጥረው ይመለሳሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር የቢሮ ሥርዓት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሱቅ ባለቤት ዓይን የወኪሉ ሥልጣን የሚታየው በዚያ የታተመ ደረሰኝ ላይ ስለሆነ፣ በወኪሉ እጅ የቀረ አንድ ጥራዝ ያልተሻረ ሥልጣን ነው።

ቆጠራው ብዛቱን ብቻ ቢመዘግብ ለክርክር በር ይከፍታል። የሚበላ ወይም የሚጠጣ ምርት ከሆነ የምርት ምድቡ ቁጥርና የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ በእያንዳንዱ ክምር አጠገብ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን በማመሳከር ነው። ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድሞ መሸጥ የመጋዘን መሠረታዊ ሕግ ነው፤ ወኪሉ ከበር አጠገብ ያለውን አዲሱን እየሸጠ ከግድግዳ ሥር ያለውን አሮጌ ከተወው ጉዳቱ የእርሱ ነው፣ ፋብሪካው ግን ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረውን ዕቃ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጭኖ ከላከ ጉዳቱ የፋብሪካው ነው።

ከዕቃው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠው የደንበኞች ሒሳብ ነው፤ ዕቃ በመጋዘን ተቆልፎ ሊቆይ ይችላል፣ ሱቅ ላይ ያለ ዱቤ ግን ማቋረጡ በተሰማ ማግስት መክፈሉን ያዘገያል። ባለሱቁ የሚያዘገየው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ለማን እንደሚከፍል አለማወቁ ራሱ በቂ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2195 በደንብ መጤን ይገባዋል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት፣ ወካይ ለሦስተኛ ወገን ውክልና መስጠቱን አሳውቆ ሳለ መሻሩን ካላሳወቀ፣ ወይም የሥልጣኑን ሰነድ ወኪሉ እንዲመልስ ካላደረገ፣ ወይም በሌላ መንገድ ወኪሉ አሁንም ሥልጣን ያለው እንዲመስል ካደረገ ከወኪሉ ጋር አብሮ ተጠያቂ ይሆናል። በስርጭት ሥራ ይህ ማለት፣ ሥልጣኑ ካበቃ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀድሞው ወኪል የከፈለ ባለሱቅ ማቋረጡን ያልሰማ ከሆነ፣ አምራቹ ያንኑ ገንዘብ ዳግም መጠየቁ አስቸጋሪ ይሆናል ማለት ነው። ለወኪሉ የተጻፈ ደብዳቤ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ባለሱቁን አያስጠነቅቅም፤ ለደንበኞች የሚሄድ ሌላ አጭር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ዋናው ደብዳቤም ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ መቼ፣ በማን ፊርማ እንደሚወጣ መናገር አለበት። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ ቢፈርሙበት ይመረጣል፤ ባለሱቁ የሚያምነው የሚያውቀውን ሰው ፊርማ ነውና።

ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም ቀርቦ የተረጋገጠ ከሆነ ደግሞ መሻሩም እዚያው መመዝገብ አለበት። በቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በዚያ መዝገብ ላይ ያለውን ውክልና አያጠፋውም፤ ወኪሉ የተረጋገጠውን ቅጂ ይዞ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ቢቀርብ፣ ተቀባዩ የሚያየው ማኅተም ያለበትን ሰነድ ነው።

ደንበኞች ያለባቸውን ዕዳ መሰብሰብ ያለበት ማን ነው የሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለውም፤ ሽያጩ በወካዩ ስም ከተቆረጠ ዕዳው የወካዩ ነው፣ በአከፋፋዩ ስም ከተቆረጠ የአከፋፋዩ ነው። በወካዩ ስም የተቆረጠ ቢሆንም እንኳ ወኪሉን ለተወሰነ ጊዜ በሰብሳቢነት ማቆየት ይጠቅማል፤ የሱቆቹን ባለቤቶች የሚያውቃቸው፣ የትኛው በገበያ ቀን እንደሚከፍል፣ የትኛው ቼክ ጽፎ ቀኑን እንደሚያራዝም የሚያውቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሥልጣኑን ከሁለት መክፈል አለበት፤ የመሸጥና አዲስ ዱቤ የመስጠት ሥልጣን በመጀመሪያው ቀን ያበቃል፣ በስም ዝርዝር የተያያዘውን ዕዳ ብቻ የመሰብሰብ ሥልጣን እስከ ሁለተኛው ቀን ይቀጥላል፤ ገንዘቡም በጥሬው ከወኪሉ እጅ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ወካዩ የባንክ ሒሳብ ይገባል። ዝርዝሩ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ቀኑንና ቀሪውን የሚያሳይ መሆን አለበት፤ አጠቃላይ ድምር ብቻ ያለበት ዝርዝር ለመሰብሰብም ለመካሰስም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ለማሳያ የተቀመረ ሁኔታ መከተል ይጠቅማል። አዳማ ያለ የብስኩት ፋብሪካ በደሴ ያለ ወኪሉን ለማሰናበት ወስኗል። ወኪሉ ዕቃ በአደራ እየተረከበ ይሸጣል፣ ከተሰበሰበ ገንዘብ 5 በመቶ ኮሚሽን ያገኛል፣ ለአንድ ሱቅ ከ20,000 ብር በላይ ዱቤ እንዳይሰጥ በውሉ ተከልክሏል፣ ለፋብሪካውም የ1,500,000 ብር የባንክ ዋስትና አስይዟል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ 60 ቀን ነው። ደብዳቤው ጥር 20 ቀን በወኪሉ እጅ ይገባል፤ የደብዳቤው ዋና አካልም እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የስርጭት ወኪልነት ውልን በማስጠንቀቂያ ስለማቋረጥ

በድርጅታችንና በእርስዎ መካከል የተደረገው የስርጭት ወኪልነት ውል ስለ ማቋረጥ በሚደነግገው አንቀጽ መሠረት፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ከጥር 20 ቀን ጀምሮ በሚቆጠር የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉ የሚቋረጥ መሆኑን እናሳውቃለን። ዕቃ የመሸጥና አዲስ ዱቤ የመስጠት ሥልጣንዎ መጋቢት 20 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያበቃል።

በመጋዘንዎ የሚገኘው ዕቃ መጋቢት 21 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የሁለታችንም ተወካዮች ባሉበት ይቆጠራል። ዕቃው ወደ ፋብሪካው የሚመለስበትን የማጓጓዣ ወጪ ድርጅታችን ይሸፍናል። በቆጠራው የሚገኝ ጉድለትና ብልሽት መንስኤው ተጣርቶ በመጨረሻው ሒሳብ ላይ ይታሰባል።

በአባሪ 1 በስም የተዘረዘሩትን ደንበኞች ዕዳ እስከ ግንቦት 20 ቀን ድረስ እንዲሰበስቡ ተፈቅዶልዎታል፤ ክፍያው በድርጅታችን የባንክ ሒሳብ ብቻ ገቢ ይሆናል። ከዚህ ዝርዝር ለተሰበሰበው ገንዘብ ኮሚሽንዎ እንደቀድሞው ይታሰባል። የመጨረሻው የሒሳብ መግለጫ ግንቦት 30 ቀን ይሰጥዎታል፤ የባንክ ዋስትናውም ሒሳቡ ተመሳክሮ በተዘጋ በ10 ቀናት ውስጥ ይለቀቃል።»

በደብዳቤው ውስጥ ስለ መቋረጡ ምክንያት ምንም አልተባለም፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማቋረጥ ምክንያት አይጠይቅምና። «አፈጻጸምዎ ደካማ ስለሆነ» ወይም «እምነት ስላጎደሉ» የሚል ሐረግ መጨመር ለፋብሪካው የሚጨምርለት መብት የለም፤ ይልቁንም በኋላ ሊያስረዳው የሚገባ ክስ ይጨምርበታል። በግርጌው ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ለሽያጭና ለመጋዘን ክፍሎች ይሄዳል፤ የመጋዘን ኃላፊው ግልባጭ ካልደረሰው ከመጋቢት 20 በኋላም ጭነት ሊልክ ይችላል።

መጋቢት 21 ቀን የስቶክ ካርዱ 1,240 ካርቶን ያሳያል፤ ቆጠራው ግን 1,190 ያገኛል። የአንዱ ካርቶን ዋጋ 900 ብር ስለሆነ የ50 ካርቶኑ ጉድለት 45,000 ብር በወኪሉ ላይ ይመዘገባል። ከተገኘው ውስጥ 1,050 ካርቶን ደህና ነው። 50 ካርቶን በውኃና በጭነት ተበላሽቷል፤ መረከቢያ ሰነዶቹ ሲታዩ 20ው ከመኪና ሲወርድ ተጨፍልቆ እንደነበር በጽሑፍ ተመዝግቦ ስለተገኘ ለፋብሪካው ይቆጠራል፣ 30ው ግን በወኪሉ መጋዘን ጣሪያ መፍሰስ የተበላሸ በመሆኑ 27,000 ብር በወኪሉ ላይ ይጨመራል። ቀሪው 90 ካርቶን የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ የተቃረበ ነው። የምርት ምድብ ቁጥሩ ሲመሳከር 60ው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ በኋላ የተላከ ሆኖ ስለተገኘ ፋብሪካው ይሸከመዋል፤ 30ው ደግሞ ለወራት ከግድግዳ ሥር የቆየ ነው፣ ሆኖም አሁንም በቅናሽ ሊሸጥ ስለሚችል ሙሉ ዋጋውን ማስከፈል ተገቢ አይሆንም፤ በካርቶን 300 ብር ቅናሽ ታስቦ 9,000 ብር ብቻ በወኪሉ ላይ ይያዛል። የዕቃው ሒሳብ በዚህ 81,000 ብር ላይ ይቆማል።

በደንበኞች መዝገብ ላይ የ23 ሱቆች 640,000 ብር አለ። ለእያንዳንዳቸው የዕዳ ማረጋገጫ ወረቀት ይላካል፤ ይህም ባለሱቁ ያለበትን ቀሪ አይቶ የሚፈርምበት አጭር ወረቀት ነው። 18ቱ የ505,000 ብር ዕዳቸውን አምነው ይፈርማሉ። ሦስቱ፣ በድምሩ 75,000 ብር ያለባቸው፣ ከፍለናል ይላሉ፤ ከእነዚህ ሁለቱ የ55,000 ብር ደረሰኝ ያቀርባሉ፣ ወኪሉ ተቀብሎ ገቢ አላደረገውምና ዕዳው ወደ እርሱ ይዞራል፣ ሦስተኛው ግን ለሽያጭ ሠራተኛው በእጅ ሰጠሁ ከማለት በቀር ማስረጃ ስለሌለው የ20,000 ብሩ ዕዳ በባለሱቁ ላይ እንደተመዘገበ ይቆያል። የቀሩት ሁለት ሱቆች ተዘግተዋል፣ እያንዳንዳቸውም 30,000 ብር አለባቸው። ወኪሉ ከ20,000 ብር በላይ ዱቤ እንዳይሰጥ ተከልክሎ ስለነበር በእያንዳንዱ ከገደቡ ያለፈው 10,000 ብር፣ በድምሩ 20,000 ብር፣ የእርሱ ይሆናል፤ በገደቡ ውስጥ ያለው 40,000 ብር ኪሳራ ግን የፋብሪካው ነው። ውሉ ወኪሉን ለደንበኞች ክፍያ ዋስ ቢያደርገው ኖሮ ሁሉም በእርሱ ላይ ይወድቅ ነበር፤ እንዲህ ያለው ዋስትና ግን በግልጽ መጻፍ አለበት፣ በማቋረጫ ደብዳቤ ላይም እንደ አዲስ ሊፈጠር አይችልም።

እንግዲህ ወኪሉ ለዕቃው 81,000፣ ለደንበኞች ሒሳብ 75,000፣ በድምሩ 156,000 ብር አለበት። በሌላው ወገን በማስጠንቀቂያው ጊዜ ከተሰበሰበው 1,800,000 ብር 90,000 ብር ኮሚሽን አልተከፈለውም፣ ለዕቃው መመለሻ መኪናም 18,000 ብር ከኪሱ አውጥቷል። ሁለቱ ዕዳዎች ሲቻቻሉ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ሲቀነስ፣ 48,000 ብር ይቀርበታል። የ18ቱ ሱቆች 505,000 ብር ሙሉ በሙሉ ከተሰበሰበ ደግሞ 25,250 ብር ኮሚሽን ስለሚያገኝ የመጨረሻው ዕዳው 22,750 ብር ይሆናል። መዝገቡ ባይመሳከር ኖሮ ፋብሪካው ከወኪሉ የሚጠይቀው የዕቃው ጉድለትና የ640,000 ብሩ ዱቤ በሙሉ በሆነ ነበር፤ ወኪሉም በበኩሉ ምንም የለብኝም ባለ ነበር። በእነዚህ ሁለት አቋሞች መካከል ያለውን ርቀት የዘጉት የምርት ምድብ ቁጥር፣ የመረከቢያ ሰነድና የባለሱቆች ፊርማ ናቸው።

ወኪሉ በበኩሉ ሊያውቀው የሚገባ መብት አለው። ከወኪልነቱ የመነጨ የሚገባው ገንዘብ እስኪከፈለው ድረስ ለሥራው የተሰጡትን ዕቃዎች በመያዣነት ይዞ የማቆየት መብት በሕግ ተሰጥቶታል። ፋብሪካው ኮሚሽኑን አግዶ ዕቃውን ብቻ ለመውሰድ መኪና ቢልክ፣ ወኪሉ መጋዘኑን ቢቆልፍ ሌባ አይባልም። ይህ መብት ግን ብስኩቱን ከመበላሸት አያድነውም፤ በተቆለፈ መጋዘን ውስጥ ጊዜው የሚያልፈው ዕቃ ለሁለቱም ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው የኮሚሽኑን ቀን ከዕቃው መመለሻ ቀን ጋር አያይዞ መጻፉ ለፋብሪካውም ይጠቅማል።

በዚህ ማሳያ ውስጥ አንድ የተደበቀ አደጋ ቀርቷል። የባንክ ዋስትናው የሚያበቃው ሚያዝያ 30 ቀን ቢሆን፣ ሒሳቡ ግንቦት 30 ላይ ሲዘጋ ፋብሪካው ባዶ እጁን ይቆማል፤ ባንክ የሚከፍለው ጥያቄው ዋስትናው ጸንቶ ሳለ ከደረሰው ብቻ ነውና። ይህን የሚያስተውል የፋይናንስ ሠራተኛ ከሌለ፣ ፋብሪካው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደንግጦ ሙሉውን 1,500,000 ብር ባንኩን ይጠይቃል፣ ለ48,000 ብር ዕዳ የወኪሉ ቤት ወይም መኪና አደጋ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው በደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወኪሉ ዋስትናውን እስከ ሰኔ 30 እንዲያራዝም፣ ፋብሪካውም በዝርዝር ከተመሳከረ ዕዳ በላይ ላለመጠየቅ ቃል እንዲገባ።

ደብዳቤው በእጅ ከተሰጠ ወኪሉ ወይም ሥልጣን ያለው ሠራተኛው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን በሁለተኛው ቅጂ ላይ ማስፈር አለበት፤ አልቀበልም ካለ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ተልኮ ደረሰኙ ይያዛል። ስልሳው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ሳይሆን ከደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ የመድረሻው ማስረጃ ከጠፋ ከመጋቢት 20 ጀምሮ የተቆጠሩት ቀኖች ሁሉ አብረው ይናጋሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሊፈርም የተዘጋጀ ሥራ አስኪያጅ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት የዋስትናውን ሰነድ አስቀርቦ የሚያበቃበትን ቀን በዓይኑ ይመልከት፤ የደንበኞቹ ዝርዝርም ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ካልቀረበለት አይፈርም።